ሁለት ከአራት ወይስ ሁለት ከሦስት? በአንዲት እህት ጥያቄ ላይ የተጻፉ ምላሾች

አራት ኪሎ አካባቢ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ የትምህርት ቤቷን የፈተና ወረቀት ይዛ መጣች። የጄኔቲክስ ጥያቄ ነው። አልቢኒዝም የሌለባቸው ባልና ሚስት አልቢኒዝም ያለበት ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሴት ልጃቸው የጂኑ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው? ተማሪዬ 2/3 ብላ መልሳለች። መምህሩ በቀይ ሰርዞ ከጎኑ 1/2 ብሎ ጽፎበታል። ልጅቷ የተናደደችው በነጥቡ አልነበረም። ትክክል መሆኗ ይታወቃታል፣ ግን ለምን ትክክል እንደሆነች ማስረዳት አቃታት።

እኔም ጥያቄውን አስጠኚዎችና ተማሪዎች በምንገናኝበት መድረክ ላይ ለጠፍኩት። የቱ ነው ልክ? መልሱስ ለመምህሩ እንዴት ተደርጎ ቢጻፍ ይቀበለዋል? ብዬ ነበር የጠየቅኩት። 26 ምላሾች መጡ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከመካከል እየጀመሩ ያለቀውን ክርክር እንደገና ስለሚያነሱት፣ የተባለውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ እዚህ እተርከዋለሁ።

1ኛውን ምላሽ የጻፈው ራሱም አስጠኚ የሆነ ትሑት ልጅ ነው። መምህሩ ልክ ነው አለና ሣጥኑን ሠራው። ሁለቱ ወላጆች አልቢኒዝም ሳይኖርባቸው አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ከወለዱ፣ ሁለቱም Aa መሆን አለባቸው፤ A ቀለም የሚሰጠው የጂኑ ቅጂ ነው፣ a ደግሞ የአልቢኒዝሙ። ስለዚህ፦

```
       A     a
  A    AA    Aa
  a    Aa    aa
```

ከአራቱ ክፍል ሁለቱ Aa ናቸው፤ 2/4 ማለት ግማሽ ነው፤ በቃ። 2ኛውም ተስማማና የጂኖታይፑ ሬሾ 1:2:1፣ የፊኖታይፑ 3:1 መሆኑን አስታወሰን።

3ኛው ምላሽ አንድ መስመር ነበር፤ ቃናውም ሸካራ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደሆነ ገለጸና መልሱ 2/3 ነው፣ ሣጥን መሳል የሚችል ሁሉ ሣጥን ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም ብሎ ሄደ። 4ኛው በዚህ አዝኖ፣ የሚያውቅ ሰው ካወቀ አይቀር ቢያስረዳን ምን ነበረበት ሲል ወቀሰው። እኔም ወቀሳው ተገቢ ነበር እላለሁ። ልጅቷም ያጣችው ማስረጃውን እንጂ መልሱን አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ 5ኛው ነው፤ መልሱ ትክክል፣ ምክንያቱ ግን ስሕተት ስለነበር። ሰውየው 2/3 መሆኑን አምኗል። ማስረጃው ግን እንዲህ ነው፦ ከአራቱ ክፍል አንዱ aa ነው፤ እሱን ወንድምየው ወስዶታል፤ ለእህትየው የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ ሁለቱ Aa ናቸው። ሲያነቡት ያሳምናል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አንብቤው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል። አራት ወንበር ያለው ታክሲ ይመስል፣ አንዱ ከተያዘ የቀረው ሦስት ነው ማለቱ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ጉዳቱ ወዲያው ታየ። 6ኛዋ እናት ናቸው፤ ካዛንቺስ ያደጉ፣ አራት ልጆች ያሏቸው፣ ሁለቱ አልቢኒዝም ያለባቸው። ከአራት አንድ ከተባለ የእኔ ሁለተኛው ከየት መጣ? ሲሉ ጠየቁ። በአንድ ወቅት አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንዱ ከመጣ የሚቀጥሉት ሦስቱ አያሰጉም ብሎ ነግሯቸው ነበር። ሁለተኛው ሲወለድ ደግሞ የቤተ ዘመድ ሹክሹክታ ተጀመረ፤ ባለቤታቸውም ለጥቂት ጊዜ ፊቱን አዞረ። ይህን የጻፉት ያለ ምሬት ነው፤ እኔ ግን ሳነበው ከበደኝ። ወንበር የመቁጠሩ ስሌት ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ሰው ቤት ሲገባ የሚያደርገው ይህን ነው።

7ኛውን የጻፉት ከ30 ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ለእናትየዋ መለሱ። ሣጥኑ የአራት ልጆች መዝገብ አይደለም፤ የአንድ ፅንስ ዕጣ ነው። በእያንዳንዱ እርግዝና ሣጥኑ እንደ አዲስ ይጣላል፤ ፅንሱ ከእሱ በፊት ማን እንደተወለደ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች Aa ከሆኑ፣ ለአምስተኛው ልጅም ዕድሉ ያው 1/4 ነው። ከዚያ ቁጥሩን አሳዩአቸው። አራት ልጅ ካላቸው እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች መካከል በትክክል ሦስት ለአንድ የሚወጣላቸው 42 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 32 በመቶ ያህሉ አንድም አልቢኒዝም ያለበት ልጅ አይወልዱም። 26 በመቶ ያህሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ይወልዳሉ። እርስዎ ከእነዚህ ከ26ቱ ነዎት፤ ከአራት ቤተሰብ አንዱ እንደ ማለት ነው፤ ለሹክሹክታ የሚያበቃ ምንም ነገር የለውም አሏቸው።

ቀጥለው ወደ 5ኛው ዞሩ። ከሦስት የምንቆጥረው ወንድምየው ቦታ ስለያዘ አይደለም። እህትየዋን ስላየናት ነው። ቆዳዋና ፀጉሯ ቀለም አለው፤ ስለዚህ aa አለመሆኗን በዓይናችን አረጋግጠናል። ያ ክፍል ለእሷ ተዘግቷል፤ የቀሩት AA፣ Aa እና Aa ናቸው። ወንድምየው የሰጠን መረጃ ሌላ ነው፤ ወላጆቹ ሁለቱም Aa መሆናቸውን ነግሮናል። ልዩነቱን ለመፈተሽ ጋሼ አንድ ጥያቄ አስቀመጡ፦ እናትየው አሁን ነፍሰ ጡር ብትሆንና ፅንሱ ገና ባይታይ፣ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? 5ኛው በወንበር ቆጠራው ቢሄድ እዚህም 2/3 ይላል። ትክክለኛው ግን 1/2 ነው፤ ፅንሱን ገና አላየነውምና አራቱም ክፍሎች ክፍት ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና የጥያቄውን ቃል በቃል ጽሑፍ ጠየቁኝ።

8ኛው ምላሽ የእኔ ነው። ወረቀቱን እንደገና አስመጥቼ አነበብኩት። በእንግሊዝኛው ላይ ልጅቷ አልቢኒዝም የሌለባት መሆኗ በአንድ ቃል ተጽፏል። ወደ አማርኛ ስመልሰው ያንን ቃል ጥዬው፣ ሴት ልጃቸው ብቻ ብዬ ነው የለጠፍኩት። ይህ ማለት 1ኛውና 2ኛው እኔ ለጻፍኩት ጥያቄ በትክክል መልሰዋል፤ መምህሩ ግን ለራሱ ጥያቄ በስሕተት መልሷል። ሁለቱንም በስም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የመጀመሪያውንም ጽሑፍ አስተካከልኩት። አንድ ቃል ሲወድቅ መልሱ ከ2/3 ወደ 1/2 ይለወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቼን ሣጥኑን ከመሥራታቸው በፊት፣ ስለ ልጁ አስቀድሞ የተነገረን ነገር አለ ወይ? የሚለውን ከጥያቄው ላይ እንዲያሰምሩበት አደርጋለሁ።

9ኛው ተቆጣ። ጥያቄ አጉድሎ ለጥፎ የሰው ጊዜ ማባከን ነው አለ። 10ኛው ደግሞ ጉድለቱ ባይኖር ኖሮ ልዩነቱን ማን ያየው ነበር ብሎ ተከላከለልኝ። ሁለቱ ሌላ ቃል ተለዋውጠው ተዉት።

11ኛዋ ነርስ ናት። በጥቂት መስመር፣ በምላሾቹ ውስጥ ጤነኛ እና አልቢኖ የሚሉትን ቃላት እንድንተው ጠየቀች። ከላይ ልጅ ያላቸው እናት እያነበቡን ነው፤ አልቢኒዝም ያለበት ልጅም ጤነኛ ልጅ ነው፣ የሚያስፈልገው ከፀሐይ መከላከያና የዓይን ክትትል ነው አለች። ማንም አልተከራከራትም። እኔም እዚህ የምጽፈው እሷ ባለችው መንገድ ነው።

12ኛው ጥያቄውን በሌላ ተረዳው። ስለ ዶሮ የተነሳ መስሎት ይሆናል፤ ከሾላ ገበያ ነጭ ዶሮ ገዝቶ ከግቢው ቀይ አውራ ዶሮ ጋር አኑሯት፣ ከአራቱ ጫጩቶች አራቱም ነጭ ሆኑበት። ነጭ ሪሴሲቭ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት፣ ታዲያ 3:1ዱ የት ሄደ? አለ። 13ኛው፣ ያ ቀደም ብሎ በአንድ መስመር የተናገረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ይህ የባዮሎጂ መድረክ እንጂ የዶሮ ገበያ አይደለም ብሎ ሊዘጋው ሞከረ።

በ14ኛው ግን ጋሼ ዶሮውን ወደ ጉዳዩ አስገቡት። በዶሮ ላባ ነጭነት በሁለት የተለያየ መንገድ ይወረሳል። በአንዳንድ ዝርያ ሪሴሲቭ ነው፤ እንደ ሌግሆርን ባሉት ደግሞ ዶሚናንት ነው። ገበያ ላይ የሌግሆርን ደም ያለባት ዶሮ ማግኘት አይቸግርም። ዶሚናንት ወይም ሪሴሲቭ የሚባለው አሌሉ ነው፤ ያውም ከሌላው አሌል ጋር ሲገናኝ። ነጭነት የሚባል ነገር በራሱ ዶሚናንትም ሪሴሲቭም አይደለም። በዚያ ላይ አራት ጫጩት ሬሾ ለመለየት አይበቃም። ዶሮዋ ሁለት የዶሚናንት ነጭ አሌል ካላት ጫጩቶቿ ሁሉ ነጭ ይሆናሉ፤ አንድ ብቻ ቢኖራት ደግሞ ግማሾቹ ይጠበቃሉ፣ ያም ሆኖ ከአሥራ ስድስት ጊዜ አንዴ አራቱም ነጭ ሊወጡ ይችላሉ። ተጨማሪ እንቁላል አስታቅፍና ቁጠር አሉት።

ይህ ነው የቃል ክርክሩን የከፈተው። 15ኛዋ በአማርኛ ለማስተማር የምትጥር መምህርት ናት። ጥፋቱ ከትርጉሙ ይጀምራል አለች። ዶሚናንትን አሸናፊ፣ ሪሴሲቭን ተሸናፊ እያልን ስናስተምር፣ ልጆቹ አሸናፊው በሕዝብ መካከል እየበዛ ይሄዳል፣ ተሸናፊው እየጠፋ ይመጣል ብለው ይወስዱታል። ጠንካራና ደካማ ማለትማ ይብስ። እሷ ገላጭ እና ድብቅ ትላቸዋለች። Aa የሆነ ሰው ውስጥ a አልተሸነፈም፣ አልጠፋም፤ ተደብቋል፤ ለልጁም በ1/2 ዕድል ይተላለፋል። ምሳሌዋ የማይረሳ ነው። O የደም ዓይነት ድብቅ ሆኖ ሳለ በዓለም ከሁሉም የበዛው እሱ ነው። ስድስት ጣት ሆኖ መወለድ ደግሞ በብዙ ቤተሰብ በዶሚናንት አሌል ይወረሳል፤ ግን በመንደሩ ስንት ሰው አለ?

16ኛው ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ የአማርኛው ስያሜ ምን ይጠቅማል ሲል ተቃወመ። ክርክሩ አልተቋጨም። እኔ ወደ መምህርቷ አደላለሁ፤ ተማሪ በእንግሊዝኛ ቢጽፍም የሚያስበው በአማርኛ ነው፣ የተሳሳተውም የአማርኛው ሐሳብ ነው።

በ17ኛው ጋሼ የጠየቅኩትን ሁለተኛ ነገር፣ አጻጻፉን፣ መለሱ። የተማሪ መልስ ብዙ ጊዜ ነጥብ የሚያጣው ቁጥሩ ከምን እንደተቆጠረ ስለማይናገር ነው አሉ። 3:1 ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አልተናገረም፤ የምን ሦስት፣ የምን አንድ? ከዚያ ለዚህች ተማሪ እንዲህ እንድትጽፍ መከሩ። በመጀመሪያ፣ ወላጆቹ አልቢኒዝም ሳይኖርባቸው aa ልጅ ስላላቸው ሁለቱም Aa ናቸው ትበል። ቀጥላ ከሣጥኑ የሚጠበቀውን ከነስሙ ትጻፍ፤ በጂኖታይፕ 1 AA፣ 2 Aa፣ 1 aa፤ በፊኖታይፕ ቀለም ያላቸው 3፣ አልቢኒዝም ያለባቸው 1። በመጨረሻ፣ ልጅቷ ቀለም እንዳላት ስለተነገረን aa ን እናስወጣለን፤ ቀለም ካላቸው ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ዕድሉ 2/3 ነው ትበል። የሚጠበቀው የሚለውን ቃል እንዳትዘል አጥብቀው አሳሰቡ። ሬሾው የተቆጠረ ሳይሆን የሚጠበቅ ነው። ከአራት ልጆች ሦስቱ ቀለም ይኖራቸዋል ብላ ከጻፈች ተሳስታለች፤ እያንዳንዱ ልጅ ቀለም የመኖር ዕድሉ 3/4 ነው ብላ ከጻፈች ልክ ናት።

18ኛው መላ አመጣ፤ ከዚህ ክር ለክፍሌ የወሰድኩት እሱን ነው። ሁለት የቡና ስኒ፣ በየስኒው አንድ ነጭና አንድ ቀይ ቦሎቄ። ስኒዎቹ ወላጆች ናቸው፤ ነጩ A፣ ቀዩ a። ዓይንን ጨፍኖ ከእያንዳንዱ ስኒ አንድ አንድ ማንሳት፣ መመዝገብ፣ መመለስ። በማግስቱ ከተማሪዬ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ሠራነው። ስኒው ሲንኳኳ ቦሎቄው ዘሎ እየወጣ አስቸገረን፤ በሶኬት ገመድ ሥር ሁሉ ፈለግነው። 60 ጊዜ አነሳች። ሁለት ነጭ 15፣ አንድ ነጭ አንድ ቀይ 31፣ ሁለት ቀይ 14 መጣ። ከዚያ ሁለት ቀይ የሆኑትን 14 መስመሮች በእርሳስ እንድትሰርዝ አደረግኋት፤ የጥያቄዋ ልጅ ከእነሱ መካከል ልትሆን አትችልምና። የቀሩት 46 ናቸው፤ ከ46ቱ 31ዱ ድብልቅ። አካፈለችው፤ 0.67። እርሳሱን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው። ከ60 ብታካፍለው 0.52 ይሆን ነበር። የመምህሩ ግማሽና የእሷ ሁለት ሦስተኛ ከአንድ ወረቀት ላይ ወጡ፤ የተለያየው ከስንት እንደሚካፈል ብቻ ነው።

19ኛውና 20ኛው ከመስመር ወጡ። አንዱ ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ያረጁ የባዮሎጂ መጻሕፍት የት እንደሚገኙ ጠየቀ፤ ሌላው አራት ኪሎ አስፋልት ዳር የሚዘረጉትን ጠቆመው፤ በዋጋም ተከራከሩ። አለፍኩት።

21ኛው መልሶ ያቀናው ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦሎቄው ይሁን፣ ግን ይህን 2/3 በሕይወት ባለ ነገር ላይ የቆጠረ ሰው አለ? ጋሼ በ22ኛው፣ የመጀመሪያው ቆጣሪ ራሱ ሜንዴል ነው አሉ። ሁላችንም የምናውቀው በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን 5474 ክብ እና 1850 ጭምድድ አተር ነው፤ የ3:1 ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ሜንዴል ግን እዚያ አላቆመም። ክቦቹን አተሮች ወስዶ ዘራቸው። ክብ በመሆናቸው ጭምድዱ ክፍል ተዘግቶባቸዋል፤ ልክ እንደ እህትየዋ። ከበቀሉት 565 ተክሎች 193ቱ ክብ ብቻ ሰጡ፤ 372ቱ ክብም ጭምድድም ሰጡ፤ ማለትም ድብቁን አሌል ተሸክመው ነበር። 372 ለ565 ሲካፈል 66 በመቶ ይጠጋል። የ12ኛ ክፍል ጥያቄው መልስ በሜንዴል ማሳ ላይ በቅሎ ነበር።

23ኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ነው፤ በዚህኛው ዕውቀቱን ሙሉ በሙሉ አወጣው፤ ሸካራነቱም ለስልሶ ነበር። የአተሩ ቅርጽ ከተክሉ ፍሬ ላይ በቀጥታ ስለሚታይ መቁጠሩ ቀላል ነው። እንደ ቁመት ባሉት ባሕርያት ግን ተክሉ ተሸካሚ መሆኑን ለማወቅ ልጆቹን ዘርቶ ማየት ያስፈልጋል። ሜንዴል ለእነዚህ ከእያንዳንዱ ተክል አሥር ዘር ነበር የሚዘራው። Aa ከሆነ ተክል የተወሰዱ አሥር ዘሮች ሁሉም ረጃጅም ሆነው የመውጣታቸው ዕድል 3/4 በራሱ አሥር ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 5.6 በመቶ ያህል። ስለዚህ ከመቶ ተሸካሚ አምስት ስድስቱ AA ተብለው ሊመዘገቡ ይገባ ነበር፤ የሚጠበቀውም ከ2/3 ወርዶ 63 በመቶ አካባቢ መሆን ነበረበት። በ1936 ፊሸር የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ የሜንዴል ቁጥሮች ለዚህ ለተስተካከለው ሳይሆን ለ2/3 በጣም መቅረባቸውን አንስቶ ጥያቄ ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። በእኛም ክር ላይ ጋሼ ሜንዴልን ደገፉ፣ ልጁ ፊሸርን ደገፈ፤ ማንም አልተረታም። ለእኔ የጠቀመኝ ሌላ ነገር ነው። ተሸካሚነት ከልጆች ብዛት የሚገመት ከሆነ፣ ጥቂት ልጅ አይቶ ተሸካሚ አይደለም ማለት አይቻልም። አሥር ዘር እንኳ ያሳስታል፤ ሦስትና አራት ልጅማ ምን ይነግረናል።

24ኛዋ እስካሁን ዝም ብላ ስታነብ የቆየች ናት። የፈተናዋ ልጅ እኔ ነኝ ብላ ጀመረች። ወንድሟ አልቢኒዝም አለበት፤ እሷ የለባትም፤ ወላጆቿም የለባቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ልታገባ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ 2/3 መሆኑን ከዚህ ክር ነው ያወቀችው። ታዲያ ልጄስ? አለች።

25ኛው በቅንነት፣ ግን ግማሽ እውቀት ይዞ መለሰላት። እህቴ አትስጊ፣ በእኛ ባህል ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የሚጋቡት፣ እሱ ይጠብቅሻል አለ። ጨምሮም፣ የሚያሰጋው ሁለት አልቢኒዝም ያለባቸው ሲጋቡ ነው፣ ያኔ ልጆቻቸው ያለ ጥርጥር ሁሉም እንደዚያው ይሆናሉ አለ።

26ኛው የጋሼ ነው፤ ረጅምና የረጋ። የልጅሽ ዕድል የሦስት ነገር ብዜት ነው አሏት። አንቺ ተሸካሚ የመሆንሽ 2/3፣ እጮኛሽ ተሸካሚ የመሆኑ ዕድል፣ እና ሁለታችሁም ከሆናችሁ 1/4። እሱ ያለ ጥርጥር ተሸካሚ ቢሆን 2/3 በ1/4 ሲባዛ 1/6 ይመጣል። ለምሳሌ ያህል ዕድሉ ከመቶ አንድ ቢሆን ግን 1/600 ነው። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በእሱ በኩል ባለው ቁጥር ላይ ነው፤ ሣጥኑ ያንን ቁጥር አይሰጥም። ሰባት ቤት መቁጠሩ በእርግጥ ይረዳል፤ ሁለቱ ሰዎች ያንኑ ድብቅ አሌል ከአንድ ቅድመ አያት የመውረሳቸውን ዕድል እጅግ ያሳንሰዋል። ግን ዜሮ አያደርገውም፤ የማይዛመዱ ሰዎችም ለየብቻቸው ሊሸከሙት ይችላሉ።

የ25ኛውን ሁለተኛ ነገርም አረሙ። አልቢኒዝም ከአንድ በላይ በሆኑ ጂኖች ይመጣል። አንዱ በ`TYR`፣ ሌላው በ`OCA2` ምክንያት አልቢኒዝም ያለባቸው ሁለት ሰዎች ቢጋቡ፣ እያንዳንዳቸው ሌላኛው የጎደለውን ጂን በደህና ስለሚያወርሱ ልጆቻቸው ቀለም ይኖራቸዋል። በፈተና ላይ aa ከ aa ጋር ሁሌም aa ነው ብለን የምንጽፈው፣ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ጂን ነው ብለን ስለምንነሳ ነው። ለአንቺም ትርጉሙ ይህ ነው አሏት፤ እጮኛሽ ተሸካሚ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ የሚቻለው የየትኛው ጂን የሚለው ከታወቀ በኋላ ነው። እሱን በእርግጠኝነት የሚነግረን ያንቺ ደም አይደለም። ምርመራው የሚጀመረው ከወንድምሽ ነው፤ በእሱ ላይ ለውጡ ከተገኘ፣ ያንኑ ለውጥ በአንቺ ላይ መፈለግ ይቻላል፤ 2/3 የሚለውም ወይ 0 ወይ 1 ይሆናል።

ተማሪዬ በጋሼ አጻጻፍ መሠረት መልሷን ጽፋ፣ የ60ውን የቦሎቄ መዝገብ አያይዛ ለመምህሩ ሰጥታለች። ወረቀቱን ወስዶታል፣ እስካሁን አልመለሰላትም። ከ24ኛዋ ደግሞ ትናንት ማታ በውስጥ መስመር መልእክት ደረሰኝ፤ እዚህ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ወንድሟ ከእሷ ሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ስለ ቆዳው ከእሱ ጋር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ልትጠይቀው ነው።